ልጅቷን ሌባ ከማለታችሁ በፊት መሳቢያውን ቁጠሩ

ሰሞኑን መካነ ሰላም ደርሼ ነበር። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን መንገድ ላይ አገኘኋት። ድሮ ከሩቅ «መምህር!» ብላ እየሳቀች የምትመጣ ልጅ አንገቷን ደፍታ ልታልፈኝ ስትል አስቆምኳት። ምን ሆነሽ ስላት እንባዋ ቀደማት። አንድ ሱቅ ውስጥ በወር 3,000 ብር ትሠራ ነበር። ባለሱቁ በአንድ ሳምንት 10,770 ብር ጎድሎብኛል፣ የበላሽው አንቺ ነሽ ብሎ አሰናብቷታል። ያልተከፈላትን ደመወዝ ይዞባታል፣ ቀሪውን ደግሞ ቤተሰቦቿ እንዲከፍሉ ሽማግሌ ልኳል። አባቷ ከገጠር በግ ሸጦ ሊከፍል ተነስቷል፤ ስሟ እንዳይነሳ።

እኔ መካነ ሰላም ላይ ለዓመታት አካውንቲንግ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ባንክ ሒሳብ ማመሳከር ስናወራ ከኋላ የምትተኙ ታውቁ ነበር፤ ስም አልጠራም። ዛሬ ግን አትተኙ። ይህን የምጽፈው ለባለሱቆችም፣ ሱቅ ውስጥ ለምትሠሩ ልጆችም ነው፤ ባለሱቆቹን ላስቀይም እንደምችል አውቄ ነው የምጽፈው። ሁለቱም ወገን ስማችን አይጠቀስ እንጂ ቁጥሩን ጻፈው ብለው ፈቅደውልኛል።

ክሴ ይህ ነው። በአብዛኛው ትንንሽ ሱቆቻችን «ጉድለት» የምንለው ነገር ጉድለት አይደለም፤ ያልታረቀ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን የማስታረቅ ሥራ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ያልሠራውን ሥራ ዋጋ ግን የምትከፍለው ልጅቷ ናት።

ሰውየው ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቡና አስፈልቶ ነው የተቀበለኝ። «መምህር፣ እኔ በግምት አልናገርም፤ ይኸው ሒሳቡ» አለና ወረቀት አወጣ። ከሰኞ ጥቅምት 10 እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 የሽያጭ ደብተሩ 64,350 ብር ይላል። ባንክ በጥሬው የገባው 33,000፣ ደንበኞች ከስልካቸው ወደ ባንክ ሒሳቡ ያስተላለፉት 9,400፣ በሱቁ የቴሌብር ቁጥር የገባው 11,180። ድምር 53,580። ከ64,350 ሲቀነስ 10,770 ጎደለ። «እና ይሄ ምን ይባላል?» አለኝ።

መደመርና መቀነሱ ልክ ነው። ነገር ግን የማይገናኙ ነገሮችን ነው ያቀናነሰው። አንደኛው ወገን ላይ ያለው ሽያጭ ነው፣ ሌላው ወገን ላይ ያለው ደግሞ በሦስት ቦታ ያረፈ ገንዘብ ነው። ሽያጭ ገንዘብ ሆኖ እስኪያርፍ ድረስ መንገድ አለው፤ በዚያ መንገድ ላይ የሚቀረውን፣ የሚያድረውን፣ የሚሳሳተውን አንድ በአንድ ካላነሳችሁ ልዩነቱ ሁሉ ሌብነት መስሎ ነው የሚታያችሁ።

አብረን ተቀመጥን። ልጅቷ ዝርዝሩን በራሷ እጅ የጻፈችበት ሁለተኛ ደብተር ነበራት፤ ማንም ገልጦ አላየውም።

መጀመሪያ ዱቤ። በዚያ ሳምንት ከተሸጠው ውስጥ የ4,200 ብር ዕቃ በዱቤ ነው የወጣው። ሽያጭ ደብተር ላይ አለ፣ ገንዘቡ ግን ሰው ኪስ ውስጥ ነው። በአንጻሩ ከድሮ ዱቤ 1,350 ብር ተከፍሏል፤ ይህ ገንዘብ መጥቷል፣ የዚህ ሳምንት ሽያጭ ግን አይደለም። ስለዚህ ሊመጣ የሚገባው ገንዘብ 64,350 ሳይሆን 61,500 ነው። ጉድለት የተባለው ወዲያው ከ10,770 ወደ 7,920 ወረደ። ዱቤውን የፈቀደው ደግሞ ራሱ ባለቤቱ ነው፤ «ለእገሌ ስጪው» እያለ በስልክ።

ሁለተኛ ከመሳቢያ የወጣ። ከገጠር እንቁላልና ምስር ይዘው ለሚመጡ ሰዎች በጥሬው የተከፈለ 2,400 ብር። ለተሸካሚ 300። እና ይቺን ስሙ፦ ለቤት ወጪ ተብሎ ከባለቤቱ ቤት ልጅ ተልኮ የወሰደው 1,500 ብር። ሰውየው ይህንን ሲሰማ ወደ ጓዳ ዞረና «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እውነት ነበር። በጠቅላላው 4,200። የቀረው ልዩነት 3,720።

ባለሱቆች፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የቤታችሁን አስቤዛ ከሱቅ መሳቢያ የምታወጡ ሰዎች ናችሁ አብዛኞቻችሁ። መብታችሁ ነው፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው። ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ «ለቤት 1,500» ብሎ ጽፎ ፈርሞ መሳቢያው ውስጥ መጣል ምን ያህል ይከብዳል? ወረቀቷ እንደ ገንዘብ ትቆጠራለች። ወረቀቷ ከሌለች ግን እናንተ የበላችሁት ሽሮ በልጅቷ ስም ይጻፋል።

ሦስተኛው የሚያድር ገንዘብ ነው። ቅዳሜ ባንክ ከተዘጋ በኋላ የተሸጠው ሰኞ ነው ባንክ የሚገባው። በዚህ ሳምንት መጨረሻ መሳቢያው ውስጥ 3,900 ብር ተቆጥሯል፤ 1,000ው ሁልጊዜ ለመልስ የሚቀመጥ ዝርዝር ስለሆነ ባንክ ያልደረሰው 2,900 ነው። ሰውየው «እንግዲህ ይሄም ይቀነስላት» ሊል ሲል አስቆምኩት። ምክንያቱም ሰኞ ጥቅምት 10 ከገባው ገንዘብ ውስጥ 2,600 ብሩ ያለፈው ቅዳሜ ሽያጭ ነበር። የዚህን ሳምንት መጨረሻ ስትደምሩ ያለፈውን ሳምንት መጨረሻ መቀነስ አለባችሁ። ስለዚህ የሚቀነስላት 2,900 ሳይሆን 300 ብቻ ነው። ይህንን የምነግራችሁ ለልጅቷ አድልቼ እንዳልሠራሁ እንድታዩ ነው። ማስታረቅ ማለት ለሚወዱት ሰው መደለዝ አይደለም። ቀሪ 3,420።

እዚህ ድረስ የቆየ ነገር ነው፤ አያቶቻችን ጨውና ሸማ ሲነግዱም ዱቤና አዳሪ ገንዘብ ነበር። አዲሱ ጣጣ የመጣው ከስልክ ጋር ነው።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ የእኛም ገበያ ገባ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንኳ ሰው በ*127# እና በ*889# እየደወለ ይከፍል ነበር። ጥሩ ነገር ነው፤ በከረጢት ብር ተሸክሞ በአባይ በረሃ ከመጓዝ ይሻላል። ግን ሱቆቻችን ክፍያውን ተቀበሉ እንጂ የክፍያውን ሒሳብ አያያዝ አልተቀበሉም።

በልጅቷ ደብተር ላይ «ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ማታ 1:20፣ 1,850 ቴሌብር» የሚል ጽሑፍ አለ። ባለቤቱ የሱቁን ቴሌብር ከፍቶ 1:20 ፈለገ፤ የለም። «አየህ? ያልተከፈለ ነገር ተከፈለ ብላ ትጽፋለች» አለኝ። ወንድሜ፣ ስልኩ እኮ የሀበሻ ሰዓት አያውቅም! ማታ 1:20 በስልኩ 19:20 ነው። ቀኑም ጥቅምት 12 ብሎ አይጽፍላችሁም፤ ዘንድሮ ጥቅምት 12 ኦክቶበር 22 ነው። ደብተራችሁ በሀበሻ ቀንና ሰዓት፣ ባንኩና ቴሌብሩ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ከሆኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የለም ማለት ነው። የሳምንቱን መጀመሪያና መጨረሻ በተሳሳተ ቀን የቆረጠ ሰው ደግሞ የአንድ ቀን ሙሉ ሽያጭ ይጎድለዋል ወይም ይተርፈዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የስልክ ክፍያ ስትጽፉ ስልኩ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉት፣ 22/10 19:20 ብላችሁ። የሀበሻውን ከፈለጋችሁ አጠገቡ።

19:20ን ስንፈልግም በሱቁ ቁጥር አልተገኘም። ሰውየው ቀና አለ። «ሌላ ቁጥር የለህም?» አልኩት። አለው፤ የግሉ። ሱቁ በር ላይ ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ካርቶን ላይ ተጽፈው ተለጥፈዋል። የግል ስልኩን ከፍተን ከ127 የመጡትን መልእክቶች ወደ ኋላ ስናነብ 19:22 ላይ 1,850 ብር ገብቷል። የላኪው ስም ራሱ ልጅቷ የጻፈችው ስም ነው። ሁለት ደቂቃ የሚለያየው እሷ የጻፈችው በግድግዳው ሰዓት ስለሆነ ነው። ሰውየው በዚያ ገንዘብ በማግስቱ ለደሴ አከፋፋይ ከፍሎበታል። ራሱ ተቀብሎ፣ ራሱ አውጥቶ፣ እሷን ነው ሌባ ያላት። ቀሪ 1,570።

ሁለተኛ ቁጥር ለምን እንደተለጠፈ አልጠየቅኩም። ሁላችንም እናውቀዋለን። «ሁሉም በአንድ ቁጥር ከገባ ገቢዎች ያያል» የሚል ፈሊጥ አለ። ከግብር ጋር ያላችሁን ጉዳይ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ጨርሱት፤ እኔ ዛሬ እሱ ላይ አይደለሁም። ግን ገንዘባችሁን ከመንግሥት ለመደበቅ በየቁጥሩ በትናችሁት ስታበቁ፣ የበተናችሁትን ራሳችሁ ማግኘት ሲያቅታችሁ በወር 3,000 ብር ከምትከፍሏት ልጅ ላይ መፈለግ ነውር ነው። ከዚህ የለዘበ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

የቀረው 1,570 ውስጥ ትልቁ ዓርብ ጥቅምት 14 የሆነው ነው። አንድ ሰው ዘይትና ስኳር ጭኖ «በንግድ ባንክ ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን አሳያት። 1,450 ብር፣ የባለቤቱ ስም፣ የተሳካ ዝውውር። ባለቤቱ ጋ ደወለች፤ መንገድ ላይ ነበር፣ ስልኩ አይሠራም። ወረፋው ረዝሟል፣ ሰውየው «አታምኚኝም?» እያለ ይጮሃል። ዕቃውን ሰጠችው። ያ ገንዘብ ባለቤቱ የባንክ ዝርዝር ላይ የለም።

እዚህ ላይ የልጅቷን ብልህነት ተመልከቱ። የዝውውሩን ቁጥር ገልብጣዋለች። የንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር FT ብሎ ይጀምራል። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች የፈረንጅ ዓመት ናቸው፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ነው የሚናገሩት። ኦክቶበር 24 ቀን 2025 በዓመቱ 297ኛው ቀን ስለሆነ የዚያን ቀን ዝውውር FT25297 ብሎ ይጀምራል። እሷ የገለበጠችው ግን FT25280 ይላል። 280ኛው ቀን ኦክቶበር 7 ነው። ያም ማለት ሰውየው ያሳያት የ17 ቀን አሮጌ ደረሰኝ ነው፤ ስሙንና መጠኑን ቀይሮ፣ ቁጥሩን መቀየር የረሳው። አንድ ቀን ዝንፍ ያለ ቁጥር ብታዩ ወዲያው ሰው አትክሰሱ፤ 17 ቀን ግን ዝንፍ አይባልም።

ስለዚህ 1,450 ብር በእርግጥ ጠፍቷል። የሰረቀው ግን ደንበኛው ነው። ጥያቄው ኪሳራው የማን ነው የሚለው ነው። ባለሱቁ «የተቀበለችው እሷ ናት፣ ትክፈል» አለ። እኔ ደግሞ እንዲህ አልኩት፦ ገንዘቡ ሲገባ መልእክቱ ለማን ስልክ ነው የሚመጣው? ለአንተ። አንተ የት ነህ? መንገድ ላይ። እሷ ገንዘቡ መግባቱን የምታይበት ምን ሰጥተሃታል? ምንም። አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍነህ ገንዘብ ቁጠሪ ብለህ፣ ሲጎድል «ለምን አላየሽም» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ይህ የአንድ ሱቅ ጉዳይ ቢሆን ባልጻፍኩት። ግን ከተማውን ዙሩና እዩ። በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር የባለቤቱ ነው፤ ማረጋገጫው የሚመጣው ለባለቤቱ ስልክ ነው፤ ባለቤቱ ደሴ ወይም ቤቱ ነው፤ ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ በእጇ ያለው የደንበኛው ስልክ ስክሪን ብቻ ነው። የደንበኛ ስክሪን ማስረጃ አይደለም። ከደንበኛ ስልክ የተላለፈ መልእክትም ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው በተቀባዩ ስልክ ላይ፣ ለቴሌብር ከ127፣ ለባንኩም ከራሱ ከባንኩ የመጣ መልእክት ነው። እሱም ሲጠረጠር የተቀባዩ ሒሳብ ዝርዝር ነው። በተለመደ የግል ስልክ ቁጥር «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ የባንኩን ቃል አሳምሮ የገለበጠ ሌባ ነው።

መጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ሲናወጥና ሰው ከሌለው ሒሳብ ገንዘብ ሲያወጣ ያደረ ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ባንኩ ያንን ሁሉ ገንዘብ ከገንዘብ ያዦቹ ደመወዝ ልቁረጥ አላለም። መዝገቡን ከፍቶ ማን ስንት እንደወሰደ ስም በስም አውጥቶ ለጠፈ። መዝገብ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ወደ እኛ ሱቅ እንመለስ። 1,570 ሲቀነስ 1,450፣ ቀሪ 120 ብር። ይህንን አላገኘነውም።

ሰውየው ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነኝም፤ «ከላይ ወደ ታች እየቀነስክ ያሻህ ቦታ አደረስከው» አለኝ። ጥሩ ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ ከሌላ አቅጣጫ መጣንበት፤ ሽያጩን ትተን መሳቢያውን ብቻ ይዘን። ሊመጣ ከሚገባው 61,500 ውስጥ በስልክ ተከፈለ ተብሎ የተጻፈውን ሁሉ አወጣን፦ በሱቁ ቴሌብር 11,180፣ በግሉ 1,850፣ በባንክ 9,400፣ የውሸቱ 1,450። ድምር 23,880። ስለዚህ በጥሬ ብር የመጣው 37,620 መሆን አለበት። ከዚያ፦

ሰኞ ጠዋት መሳቢያ ውስጥ የነበረ 3,600
ሲደመር በጥሬ የመጣ 37,620
ሲቀነስ ከመሳቢያ የወጣ 4,200
ሲቀነስ ባንክ የገባ 33,000
መኖር ያለበት 4,020
ተቆጥሮ የተገኘ 3,900

ልዩነት 120። በሁለት መንገድ ሄደን አንድ ቦታ ደረስን። ለስድስት ቀን፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መልስ የሰጠች ልጅ 120 ብር መሳሳቷ የእጅ ስህተት ነው። እኔ ብሆን ከዚያ በላይ እሳሳታለሁ፤ ሚስቴን ጠይቁ።

አሁን የሚመጣውን አስተያየት አውቀዋለሁ። «መምህር፣ አንተ ሱቅ የለህም፤ የሚሰርቁም አሉ» ትሉኛላችሁ። አሉ። እኔም አይቻለሁ። ግን እውነተኛውን ሌባ የሚይዘውም ይኸው ሥራ ነው፤ ቁጣ አይይዘውም። ሌብነት በሒሳብ ላይ የሚተወው ኮቴ የታወቀ ነው። አንዱ የሰኞን ገንዘብ ወስዶ በማክሰኞ ሽያጭ መሸፈን፣ የማክሰኞን በረቡዕ መሸፈን ነው። በሳምንት መጨረሻ ድምሩ የሚገናኝ ይመስላል፤ ግን ባንክ የሚገባው ገንዘብ ሁልጊዜ ከሽያጩ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ቀስ በቀስም ሁለት ቀን ይሆናል። ይህንን የምታዩት የእያንዳንዱን ቀን ጥሬ ብር ከዚያው ቀን የባንክ ስሊፕ ጋር ስታስተያዩ ነው፤ በወር አንዴ የምትደምሩ ከሆነ አታዩትም። ሌላው የሌለ ሰው ዱቤ ነው፦ ደብተሩ ላይ «አህመድ 800» ይላል፤ የትኛው አህመድ እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ስልክ የለውም፣ አይከፍልም። ባለዱቤዎቹን በወር አንዴ ራሳችሁ ብትጠይቋቸው ይገለጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይታሰብ እኩለ ቀን ላይ ገብቶ መሳቢያ መቁጠር ነው፣ እሷ ፊት፣ አብራችሁ። ንጹሕ ልጅ በዚህ አትከፋም፤ ነገ ስሟን የሚያወጣላት እሱ ነውና።

ለምትሠሩት ልጆች ደግሞ ሁለት ነገር። ማታ ማታ ሱቅ ስትዘጉ መሳቢያውን ቁጠሩና ቁጥሩን ከባለቤቱ ወይም ከተወካዩ ጋር ተፈራረሙበት፤ የሚፈርም ከሌለ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። የስልክ ክፍያ ሁሉ የዝውውር ቁጥሩን ጻፉ፣ ስሙንና መጠኑን ብቻ አይደለም። ያቺን ተማሪዬን ያዳናት ያ የገለበጠችው ቁጥር ነው። አስተምሬያት ነው ብዬ ብኮራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስጠይቃት ግን «ፈርቼ ነው የጻፍኩት» አለችኝ።

ለባለሱቆች የምለው አንድ ነው። ለሱቁ የራሱ ሲም ካርድ አውጡ፣ ክፍያ በእሱ ብቻ ይቀበል፣ ርካሽ ስልክ ውስጥ ገብቶ ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ። የሚስጥር ቁጥሩን እናንተ ያዙት። ልጅቷ ከ127 የሚመጣውን ታነባለች፣ ገንዘቡን ግን ማውጣት አትችልም። የባንክ ሒሳቡንም መልእክት ወደዚያው ስልክ አዙሩት። የግል ቁጥራችሁን ከበሩ ላይ ቅደዱት። ወንድምህ ብር ቢልክልህ በግልህ ይላክ፤ በሱቁ ቁጥር ከገባ እሱም ሽያጭ መስሎ የእውነተኛ ጉድለት መሸፈኛ ይሆናል። ደግሞ የቴሌብር ቀሪ ሒሳብን አይታችሁ «ዛሬ ይህን ያህል ገባ» አትበሉ፤ ከእሱ ላይ ትከፍላላችሁ፣ ካርድ ትሞላላችሁ። የምታመሳክሩት የገባውን ዝርዝር ነው።

ስለ ደመወዙም ሳልናገር አላልፍም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ ከደመወዝ ላይ እንዲሁ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ አይቻልም። ሲቻልም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ከ3,000 ብር ማለት ቢበዛ 1,000 ብር ነው። 10,770 ብር በአንድ ጊዜ፣ ያውም ከአባቷ በግ ላይ፣ የሚል አንቀጽ እኔ አላየሁም። «እኛ ቤት ሕግ በሽማግሌ ነው» የሚለኝ ካለ፣ ሽማግሌዎቹም ደብተሩን ገልጠው ይዩ።

ሰውየው በመጨረሻ የያዘባትን ደመወዝ ከፈላት። ለአባቷም ራሱ ደውሎ ተናገረ፤ ይህንን አከብርለታለሁ፣ ብዙ ሰው አያደርገውም። ተመለሺ ብሏትም ነበር። አልተመለሰችም፤ አሁን ሌላ ቦታ እየፈለገች ነው። መካነ ሰላም ወይም አካባቢው፣ አቀስታም ቢሆን፣ ሒሳብ የሚይዝ ሰው የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የFT ቁጥር ማንበብ ትችላለች።

ስወጣ ሰውየው እስከ በር ሸኘኝ። ካርቶኑን ከበሩ ላይ እየላጠ፣ «መምህር፣ እሺ ሁሉም ይሁን። መቶ ሃያዋስ?» አለኝ።

ከኪሴ አውጥቼ ልሰጠው ስል አልቀበልም አለ።